ጥያቄና መልስ፦ አንድ የባንክ መስመር፣ ብዙ ደረሰኝ

ፒያሳ አካባቢ ላለ ሆቴል በዱቤ እናቀርባለን። አራት ያልተከፈሉ ደረሰኞች አሉት። ሰሞኑን 78,400 ብር ባንድ ጊዜ አስገባ፤ የትኞቹን ብደምር ይህ ቁጥር አይመጣልኝም። ከቆየው ጀምሬ ላቀናንስ? (አራዳ፣ ጅምላ አከፋፋይ)

ገና አያቀናንሱ። ሆቴሉ ዊዝሆልዲንግ ቀንሶ ከሆነ የደረሰኞቹ ድምር ከባንኩ ቁጥር ጋር መቼም አይገጥምም። የላኩልን አራት ደረሰኞች እነዚህ ናቸው፤ በቅንፍ ያለው ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ነው።

- 0412፦ 46,000 (40,000)
- 0418፦ 27,600 (24,000)
- 0431፦ 34,500 (30,000)
- 0437፦ 59,800 (52,000)

ቫት 15 በመቶ ይጨመራል፤ ዊዝሆልዲንግ ግን የሚቀነሰው ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ 3 በመቶ የቀነሰ ደንበኛ ለእያንዳንዱ 1 ብር ዋጋ የሚያስገባው 1.12 ብር ነው። በቀድሞው 2 በመቶ ለተቀነሰበት የቆየ ክፍያ ደግሞ 1.13 ይሆናል። የባንኩን ቁጥር ለዚህ ያካፍሉት፦ 78,400 ሲካፈል ለ1.12 ልክ 70,000 ይመጣል። አሁን በቅንፍ ካሉት መካከል 70,000 የሚሞላው 40,000 እና 30,000 ብቻ ነው። የተከፈሉት 0412 እና 0431 ናቸው ማለት ነው፤ የሁለቱ ድምር 80,500፣ የተቀነሰው 2,100 ብር።

ከቆየው ጀምረው ቢያቀናንሱ ኖሮ 0412 ይዘጋል፣ 0418 ይዘጋል፣ የተረፈው 4,800 ብር 0431 ላይ ያርፋል። ሆቴሉ ያልከፈለው 0418 በእርስዎ መዝገብ የተከፈለ ይመስላል፣ የከፈለው 0431 ደግሞ ቀሪ ዕዳ ሆኖ ይጠየቅበታል። የ2,100 ብሩ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ሲመጣም የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ስህተቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

የማካፈሉ ዘዴ ጥቆማ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ዋጋቸው እኩል የሆኑ ደረሰኞች ካሉ ሁለት መልስ ሊመጣ ስለሚችል ለሆቴሉ ሂሳብ ክፍል ደውለው የደረሰኝ ቁጥሮቹን ያረጋግጡ። 2,100 ብሩንም ቅናሽ አድርገው አይሰርዙት። በስምዎ ለመንግሥት የሚገባ ግብር ነው፤ ዓመታዊ ግብርዎ ላይ የሚታሰብልዎ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ በእጅዎ ካለ ነው። እስኪመጣ ድረስ ከሆቴሉ የሚፈለግ ወረቀት አድርገው ለብቻው ይያዙት።

ደረሰኞቼን በኤክሴል ነው የምይዘው። ሲከፈል ጎኑ ላይ «ተከፍሏል» እላለሁ። በከፊል ሲከፈል ግን ግራ ይገባኛል። (አዘዞ፣ የሕንፃ መሣሪያ)

ግራ የሚያጋባው ያ ዓምድ ራሱ ነው፤ ያጥፉት። አንድ የባንክ መስመር ብዙ ደረሰኝ ሊዘጋ ይችላል፣ አንድ ደረሰኝም በብዙ የባንክ መስመር ሊከፈል ይችላል። ይህን ደረሰኙ ጎን ባለች አንዲት ሕዋስ መያዝ አይቻልም። ሦስት ገጽ ያዘጋጁ፦ ለደረሰኞች አንድ፣ ለባንክ መስመሮች አንድ፣ ሁለቱን ለሚያገናኘው ደግሞ Link የሚባል አንድ።

Link ላይ A የባንክ መስመሩ መለያ ቁጥር፣ B የደረሰኙ ቁጥር፣ C ለዚያ ደረሰኝ የዋለው ብር ነው። ከላይ ያለው የሆቴሉ ክፍያ አራት ረድፍ ይይዛል። ሁለቱ የባንክ ገንዘብ ናቸው፦ ለ0412 44,800፣ ለ0431 33,600። ሁለቱ የዊዝሆልዲንግ ናቸው፦ 1,200 እና 900። በነዚህ በሁለቱ A ላይ የሚጻፈው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ቁጥር ነው፤ ካልመጣ «ይጠበቃል» ይበሉ።

በደረሰኞች ገጽ A ቁጥሩ፣ C ጠቅላላ ዋጋው ከሆነ ቀሪው ዕዳ እንዲህ ይሰላል፦

```
=C2-SUMIFS(Link!C:C,Link!B:B,A2)
```

በባንክ ገጽም A መለያ ቁጥሩ፣ C የገባው ብር ይሁንና ያልተመደበው ገንዘብ እንዲህ ይወጣል፦

```
=C2-SUMIFS(Link!C:C,Link!A:A,A2)
```

ደረሰኙ ላይ ከዜሮ በታች ከወጣ ከዋጋው በላይ መድበውበታል። የባንኩ መስመር ከዜሮ በታች ከወጣ ደግሞ ያልገባ ገንዘብ አከፋፍለዋል። ከዜሮ በላይ የቀረ የባንክ ገንዘብ ካለ የደንበኛው ቅድመ ክፍያ ሆኖ በስሙ ይቆይ እንጂ ወደ ሌላ ገቢ አይዙር።

ደባርቅ ያለ ባለሱቅ ደንበኛዬ ባገኘ ቁጥር የተጠጋጋ ብር ይልካል፤ የየትኛው ደረሰኝ እንደሆነ አይናገርም። (ማራኪ፣ የዱቄት አከፋፋይ)

መጀመሪያ እሱን ይጠይቁት። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው የትኛውን እንደከፈለ የመናገር ቅድሚያውን ለከፋዩ ይሰጣል። ካልተናገረ የመክፈያ ጊዜው ቀድሞ ያለፈውን ይዝጉና ያደረጉትን በዚያው ቀን በአጭር መልእክት ያሳውቁት። ደረሰኞቹ 12,650፣ 18,400 እና 9,200 ሆነው 20,000 ብር ቢልክ፣ የመጀመሪያው ይዘጋል፤ የቀረው 7,350 ሁለተኛው ላይ ይውልና 11,050 ይቀረዋል። መልእክቱም ይህንኑ ብቻ ይበል፦ «20,000 ደርሶናል፤ የመጀመሪያው አልቋል፣ ከሁለተኛው 11,050 ይቀራል»። ቅሬታ ካለው ነገሩ ትኩስ ሳለ ይናገራል።

ክርክር ያለበትን ደረሰኝ ግን ይዝለሉት። ከረጢቱ ተቀዶ መጣ ብሎ ያልተቀበለውን ዕቃ በሌላ ገንዘቡ ከዘጉበት ቅሬታው ከመዝገብ ይጠፋል፣ ደንበኛው ግን አይረሳውም። ክፍያውን ለሦስቱም በየድርሻቸው ማካፈልም መጥፎ ልማድ ነው። ጠቅላላ ዕዳው ልክ ስለሚሆን ስህተቱ አይታይም፤ ሦስቱም ደረሰኞች ግን ሳይዘጉ እየቆዩ ይሄዳሉ፣ የትኛው ዕዳ ስንት ጊዜ እንደቆየም ማወቅ አይቻልም።

ስቴትመንቱ ላይ የማላውቀው ሰው ስም አለ። ደንበኞቼ በሾፌር ወይም በዘመድ ያስገባሉ። ቀኑም ከደረሰኜ ጋር አይገናኝም። (ቀበሌ 18፣ መለዋወጫ)

ከስሙ ይልቅ በመለያ ቁጥሩ ይፈልጉ። በንግድ ባንክ ስቴትመንት ላይ FT ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ቀኑን በውስጡ ይዟል፦ FT25036 ብሎ ከጀመረ 25 የፈረንጅ ዓመት 2025 ነው፣ 036 ደግሞ የዚያ ዓመት 36ኛ ቀን፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 5። በእኛ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ደረሰኝዎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ ዓምድ ባንክ ገጹ ላይ ይጨምሩ። ያኔ ደንበኛው በስልክ የሚልክልዎ የክፍያ ፎቶ ላይ ያለው ቁጥር ከመስመሩ ጋር በቀላሉ ይገናኛል።

ፎቶው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ፎቶው ሲመጣ አንዴ ይመዘግቡና ስቴትመንቱ ሲወጣ ያንኑ ገንዘብ ደግመው ያስገባሉ። ባንክ ገጹ ላይ ይህን ጎን ያስቀምጡ፤ ከ1 በላይ ካሳየ መስመሩ ተደግሟል፦

```
=COUNTIF(A:A,A2)
```

ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ «ያልተለየ ገቢ» በሚባል የዕዳ ሂሳብ ውስጥ ይቆይ። የብሩ መጠን ከአንድ ደረሰኝ ጋር ስለገጠመ ብቻ ለዚያ ደንበኛ አይስጡት፤ ሁለት ደንበኛ አንድ ዓይነት ባትሪ በአንድ ዋጋ ከገዛ ቁጥሩ ለሁለቱም ይገጥማል። በየሳምንቱ ያልተለዩትን መስመሮች አውጥተው፣ ያንኑ ያህል ቀሪ ላለባቸው ደንበኞች ደውለው «በማን ስም አስገቡ?» ብለው ይጠይቁ። ስቴትመንቱ ላይ ያለውን ስም እርስዎ ቀድመው አይንገሯቸው፤ ስሙ ከነሱ አፍ መውጣት አለበት።