ኢሜይሉ አጭር፣ ርክክቡ ቀን የተቆረጠለት ይሁን

«ጎንደር በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አገኘሁ። ሳላስቀይማቸው፣ ርክክቡንም አግዣቸው መውጣት እፈልጋለሁ። የመልቀቂያ ኢሜይሉን እንዴት ልጻፈው?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ፒያሳ አካባቢ ከነበረ ድርጅት ስለቅ የጻፍኩት ኢሜይል ምስጋና ብቻ ነበር። ሂሳቡን እስከ የትኛው ቀን እንደማስረክብ አልጻፍኩም። በሦስተኛው ሳምንት ተደወለልኝ። አንድ የደረሰኝ ጥራዝ ጠፍቷል ተባልኩ። ስወጣ ቦታው ላይ እንደነበረ የማሳይበት የተፈረመ ወረቀት የለኝም። በኋላ ከአንድ መሳቢያ ተገኘ፤ እስከዚያ ግን የመጨረሻ ክፍያዬ ተይዞ ቆየ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። ክፍያሽ ሥራ ባቆምሽ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። በእጅሽ ያለውን ንብረት ወይም ገንዘብ በራስሽ ጥፋት ካዘገየሽ ግን ክፍያውም ይዘገያል። ስለዚህ ርክክቡ ላንቺም ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመልቀቅ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣

ሌላ የሥራ ዕድል ስላገኘሁ ከዛሬ ጥቅምት 5 ጀምሮ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እየሰጠሁ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ኅዳር 5 መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። የጥቅምት ወርን ሂሳብ ዘግቼና ከባንክ ጋር አስታርቄ አስረክባለሁ። ተተኪው ቶሎ ከተመደበ የኅዳርን የመጀመሪያ ቀናት አብሬው እሠራለሁ። ከወጣሁም በኋላ እስከ ኅዳር 30 ድረስ ለሚነሱ ጥያቄዎች በስልክ እመልሳለሁ። አብረን ለሠራንበት ጊዜ አመሰግናለሁ።»

ደመወዙንም፣ ቅሬታውንም አትጻፊ። የስልክ እገዛው መጨረሻ ቀን ይኑረው፤ አለዚያ እስከ ሰኔ መዝጊያ ትጠሪያለሽ። የጥቅምት የደመወዝ ግብርና ጡረታ ኅዳር ላይ ስለሚገባ ማን እንደሚያስገባው አሁኑኑ ተነጋገሩ። መሃል ላይ የሚወድቀው እሱ ነው።

የጥቃቅን ወጪውን ገንዘብ ተተኪሽና አለቃሽ ባሉበት ቁጠሪ። የተመደበው 15,000 ብር ከሆነና የወጪ ማስረጃው 11,340 ካለ፣ ሳጥኑ ውስጥ 3,660 መኖር አለበት። 3,600 ከሆነ 60 ብሯን ያኔውኑ ጻፊያት፤ ከኪስሽ ሞልተሽ ዝም አትበይ። ከቼክና ከደረሰኝ ጥራዞች ያልተሠራበትን የመጀመሪያ ቁጥር መዝግቢ። የግብር መግቢያውን የይለፍ ቃል ደግሞ ተተኪሽ ፊትሽ ይቀይረው። ይህ ሁሉ የተጻፈበትን የርክክብ ሰነድ ሦስታችሁም ፈርሙና አንድ ቅጂ ይዘሽ ውጪ።

ኢሜይሉን ከላክሽ በኋላ አትመሽ መዝገብ ቤት አስገቢ። ቅጂሽ ላይ «ደርሷል» ተብሎ ቀን ይጻፍበት። የእኛ አገር አለቃ ኢሜይል አላየሁም ማለት ይችላል።