ቤንዚን አይገለባበጥም

ልጆቼ፣ ኬሚስትሪ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። ቤንዚን ላይ ስንደርስ ሁሌም አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ ድርብ ቦንዶቹ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይቀያየራሉ?» (ቤንዚን ስል ማደያ የሚቀዳውን አይደለም፤ C₆H₆ የሚባለውን የስድስት ካርቦን ቀለበት ነው።) ቀለበቱን ስንስል ነጠላና ድርብ ቦንድ እያፈራረቅን ነው፤ ድርቦቹን የምናስቀምጥበት መንገድ ሁለት ስለሆነ ሁለት ሥዕል ይወጣል፣ ተማሪውም ሞለኪውሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለስ ይመስለዋል። መልሴ አጭር ነው፦ አንድም ጊዜ።

ጥያቄው ግን የሞኝ አይደለም። የቤንዚንን ቀለበት ያቀረበው ጀርመናዊው ኬሚስት ኬኩሌ ራሱ በ1872 ያሰበው እንዲሁ ነበር። ነጠላና ድርብ ቦንዶች ቦታቸው ላይ የተተከሉ ቢሆኑ፣ ሁለት ብሮሚን ጎን ለጎን ያሉበት ቤንዚን ሁለት ዓይነት መሆን ነበረበት፤ አንዱ በብሮሚኖቹ መካከል ድርብ ቦንድ ያለው፣ ሌላው ነጠላ። የተገኘው ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ «ቦንዶቹ በፍጥነት ይቀያየራሉ» አለ። በዘመኑ ጥሩ መልስ ነበር።

ኋላ ርዝመቱ ተለካ። የተለመደ የካርቦን ነጠላ ቦንድ 154 ፒኮሜትር ገደማ ነው፣ ድርቡ 134። የቤንዚን ስድስቱም ቦንዶች እኩል 139 ገደማ ሆነው ተገኙ። ጎበዝ ተማሪ እዚህም ላይ አይለቀኝም፦ «በፍጥነት ቢቀያየሩስ፣ ልኬቱ አማካዩን ነው የሚያሳየን!» እውነቱን ነው፤ ርዝመት ብቻውን አያሳምንም።

እኔን ያሳመነኝ ሙቀቱ ነው። አንድ ድርብ ቦንድ ያለው ሳይክሎሄክሲን ሃይድሮጅን ሲጨመርበት በሞል 120 ኪሎጁል ያህል ይለቃል። ሦስት ድርብ ቦንድ ቢኖር 360 ያህል እንጠብቃለን። ቤንዚን የሚለቀው 208 ብቻ ነው። ሞለኪውሉ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ቢመላለስ ኖሮ፣ የትኛውም ላይ ብናገኘው ሦስት ድርብ ቦንድ ያለው ነውና ወደ 360 በተጠጋ ነበር። መቀያየር ጉልበት አይቀንስም። የጎደለው 150 ያህል የሚነግረን፣ ኤሌክትሮኖቹ ሁልጊዜ በቀለበቱ ሙሉ ተዘርግተው መኖራቸውን ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። በቅሎ ጠዋት ፈረስ፣ ከሰዓት አህያ አትሆንም። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ፈረስም አህያም በዓለም አሉ፣ ሁለቱ የቤንዚን ሥዕሎች ግን ከወረቀት ውጭ የሉም። ነጠላና ድርብ መስመር ብቻ ይዘን ስለምንስል አንድ ሥዕል አልበቃ ይለናል እንጂ፣ ሞለኪውሉ ራሱ ግራ አልተጋባም።

ሲያምታታችሁ አቶሞቹን እዩ። እንዲህ ያሉት የአንድ ሞለኪውል ሥዕሎች የሬዞናንስ ሥዕሎች ይባላሉ፤ በመካከላቸው አቶም ከቦታው አይነቃነቅም፣ የሚለወጠው የኤሌክትሮን አሳሳል ብቻ ነው። ምልክቱም ↔ ነው። የእውነት የሚገለባበጥ ካማራችሁ ሳይክሎቡታዳይንን ውሰዱ። አራቱ ካርቦኖቹ አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ሁለት ጎኑ አጭር፣ ሁለት ጎኑ ረጅም። አጭሩ ሲረዝም፣ ረጅሙ ሲያጥር አቶሞቹ በርግጥ ይንቀሳቀሳሉ። እዚያ ላይ የምትጽፉት ⇌ ነው።