«ሁለት ሦስት ሰዓት ቢያራርቁትስ?»፦ የእንቅልፍ ኪኒንና አረቄ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፣ ደብረ ሲና ነው የሚኖሩት። እንቅልፍ እምቢ ስላላቸውና ስለሚጨነቁ ሐኪም ዲያዜፓም 5 ሚሊ ግራም አዞላቸው ማታ ማታ ይወስዳሉ። የሚካኤል ማኅበርተኛ ስለሆኑ ወር በገባ በ12 አረቄ ይቀምሳሉ። ‹ከኪኒኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ካራራቅኩት ምንም አይለኝም› ይላሉ። እውነት ነው? በዚያ ቀን ማታ ሲያንኮራፉ ቤቱ ይናወጣል። እናቴ ደግሞ ‹ዛሬስ ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው› ብላ ደስ ይላታል።»

እህቴ፣ ማራራቁ አይሠራም። እኔ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህንን «ሁለት ሰዓት» የሚባል ነገር ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዲያዜፓም ባሕርይ ጋር ግን ጨርሶ አይገጥምም።

ዲያዜፓም ከሰውነት የሚወጣው በቀናት ነው። ዛሬ ማታ ከተዋጠው ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከ20 እስከ 50 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ጉበት ሲፈጨው ደግሞ ሌላ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ይወጣዋል፤ ያ ከዋናው ኪኒን በላይ ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም ይዘገያል። አባትሽ በየማታው ስለሚወስዱ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረብበታል። ማለዳ ማኅበር ቤት ሲገቡ ኪኒኑ አብሯቸው ነው የሚገባው። ሁለት ሰዓት ቢያራርቁ፣ አሥር ሰዓት ቢያራርቁ ያው ነው። «ዛሬ አልዋጥኩም» ብለው አንድ ማታ ቢዘሉትም ብዙ አይለወጥም።

አረቄውም ቢሆን በቶሎ አይለቅም። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ዳግም ከሆነ ከ40 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። 40 በመቶ ነው እንበል፣ መለኪያዋም 50 ሚሊ ሊትር ትያዝ። በአንዷ መለኪያ ውስጥ 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። አራት መለኪያ የጠጣ ሰው 64 ግራም ይዞ ይተኛል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚበቃ ሥራ ነው። «እኔ ጠላ ብቻ ነው» የሚልም አለ። 4 በመቶ የሆነ ጠላ ግማሽ ሊትር ሲጠጣ ያው 16 ግራም ነው። ጠላ ደግሞ በአንድ ጣሳ ማን ያቆማል?

አሁን ወደ ትንፋሹ ልምጣ። አንጎል ወደ አከርካሪ በሚወርድበት ግንዱ ላይ፣ ሳናስበው እንድንተነፍስ የሚያዝ ክፍል አለ። በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከታተላል። ከፍ ሲል ትንፋሽ እንዲፈጥንና እንዲጠልቅ ያዛል። ተኝተንም ይህ ትእዛዝ አይቋረጥም። ጋባ የሚባል የነርቭ ሴሎችን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር ሰውነታችን ራሱ ይሠራል። ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓምና መሰሎቻቸው የዚህን የጋባን ሥራ ያጎላሉ። ጭንቀቱ የሚቀልለው፣ እንቅልፉም የሚመጣው በዚሁ ነው።

ብቻውን በታዘዘው ልክ ሲወሰድ፣ ሳንባው ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ ኪኒኑ ትንፋሽ እስከማቆም እምብዛም አይደርስም። ሰውነት ራሱ ያመረተውን ጋባ ነው የሚያጎላው፤ ስለዚህ ጣሪያ አለው። አባትሽን «ስንት ጊዜ ወስጄው ምን ሆንኩ» የሚያሰኛቸውም ይሄው ነው። አረቄ ሲጨመር ግን ጣሪያው ይፈርሳል። አልኮል እዚያው ጋባ በሚሠራበት ቦታ ላይ ይጫናል፤ በዚያ ላይ አንጎልን የሚያነቃውን ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ያፍናል። በደብረ ብርሃን ጋሪ እንናገር ከተባለ፣ ኪኒኑ ልጓሙን ሲይዝ ፈረሱ ዝግ ይላል፤ አረቄው ልጓሙንም አብሮ ይስባል፣ ፈረሱን የሚነዳውንም ሰው ያስተኛል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን እየጨመረ ይሄዳል፣ ትእዛዝ ሰጪው ክፍል ግን አይሰማም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ያደነዝዛል። ሰውየው የባሰ ይደነዝዛል፣ ትንፋሹም የባሰ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ችግር ጉሮሮ ላይ ነው። እናትሽን ያስደሰታቸው ማንኮራፋት የእሱ ድምፅ ነው። ምላስና የጉሮሮ ጡንቻ ሁለቱም ስለሚላሉ በጀርባው የተኛ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል። አየሩ በጠባብ መንገድ እየታገለ ነው የሚገባው። ሌላ ቀን ሳያንኮራፉ በ12 ማታ ብቻ ቤት የሚያናውጡ ከሆነ፣ ያ ጥሩ እንቅልፍ አይደለም። ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ በመሃል ዝም ሲሉ ነው።

አንድ ሰው ላንሳልሽ፤ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ገበሬ ነው። ጥር ላይ ሰርግ ቤት ውሎ አረቄ ጠጥቷል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሲገባ በእግሩ ነው የገባው፣ ያወራል፣ ይስቃል። እንቅልፍ እንዲወስደው የለመዳትን ኪኒን ዋጠና ተኛ። ሚስቱ «ትንሽ ሞቅ ብሎታል» ብላ ተወችው። የመጨረሻዎቹ መለኪያዎች ገና ከሆዱ ወደ ደሙ እየገቡ ነበር። ሰው ተኝቶም በደሙ ያለው አልኮል ከፍ ማለቱን ይቀጥላል፣ ኪኒኑም በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ሁለቱ የተገናኙት ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሲያንኮራፋ ነበር። ከዚያ ያንኮራፋል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና እንደ ማነቅ ብሎ ይጀምራል። ልጆቹ «ተይው ይተኛበት፣ ጠዋት ይነቃል» አሏት። ሰባት ሰዓት ላይ ዝምታው ሲረዝምባት መብራት አብርታ አየችው። ከንፈሩ ሰማያዊ መስሏል፣ ብትጠራው አይመልስም።

በባጃጅ ሲደርስ በደቂቃ የሚተነፍሰው ስድስት ጊዜ ነበር። ጤነኛ አዋቂ ሰው አርፎ ሳለ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አገጩን ቀና አድርገን ምላሱን ከመንገድ አነሳን፣ በአምቡ ባግ አየር ሰጠነው፣ ኦክስጅን አደረግንለት። የደም ስኳሩን ወዲያው ለካን፤ ሳይበላ ብዙ የጠጣ ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላልና የሱም ወርዶ ስለነበር ግሉኮስ ተሰጠው። የኪኒኑን ሥራ የሚያፈርስ ፍሉማዜኒል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ግን አረቄውን አይነካውም፣ ኪኒኑን ለረጅም ጊዜ በለመደ ሰው ላይ ደግሞ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው በዋናነት ሰውነቱ ሁለቱን እስኪያስወግድ ድረስ ትንፋሹን መያዝ ነው። በማግሥቱ ነቃ። ሰርጉን ያስታውሳል፣ ኪኒን መዋጡን ግን ጨርሶ አያስታውስም። ይሄም ሌላ አደጋ ነው፤ የዋጠ መሆኑን የረሳ ሰው ሊደግም ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቆላ ካለ ሰው ይልቅ የኦክስጅን መጠባበቂያችን ቀድሞውኑ ጠበብ ስለሚል ትንፋሽ ሲቀንስ ቶሎ ይታወቅብናል።

እናትሽን ይህንን አሳዪያቸው። አባትሽ ጠጥተው ከተኙ ጮክ ብለው ይጥሯቸው። ካልመለሱ የደረታቸውን መሃል አጥንት በጣት አንጓ ጠንከር አድርገው ይሹት። ዓይናቸውን ገልጠው ከተናገሩ አንድ ነገር ነው። ካቃሰቱ ብቻ ወይም ምንም ካላሉ፣ መተኛት አይባልም። ከዚያ ደረታቸው ከፍና ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ10 በታች ከሆነ፣ በመሃል ረጅም ዝምታ ካለ፣ ወይም ከንፈርና ጥፍር ከጠቆረ ሳይዘገዩ 907 ይደወል፤ አምቡላንስ ከራቀ ያገኙት መኪና ይምጣ። እስከዚያ ድረስ በጎናቸው ያስተኟቸው፣ አፋቸው ወደ ታች ዘንበል ይበል። ቢያስታውኩ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው፤ ሳል እንኳ ደንዝዟልና። ጨርሶ ካልተነፈሱ ደረታቸውን መሃል ላይ በሁለት እጅ ጠንክሮ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይጀመር።

ቡና፣ ሎሚ፣ ወተት አይሰጥ። ማስመለስም አይሞከር። በደነዘዘ ሰው ጉሮሮ የፈሰሰ ነገር ሁሉ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቡና ደግሞ ቢያነቃቃው እንኳ ኪኒኑንም አረቄውንም ከደም አያወጣም። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የኪኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ሰውየው ሆን ብሎ ወስዶ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ካለም ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ብቻውንም አይተዉት።

አንድ ሰው «ሐኪም ቤት እኮ የአረቄ ሱሰኛን በዲያዜፓም ያክማሉ» ብሎ ሊከራከርሽ ይችላል። እውነት ነው። ግን ያ የሚሰጠው መጠጡን ላቋረጠ ሰው ነው፤ አልኮሉ ከደሙ እየወጣ፣ ነርስ ትንፋሹን እየቆጠረች ነው። እቤት አረቄ ላይ መደረብ ሌላ ነገር ነው።

አባትሽ ለማኅበሩ ሲሉ ኪኒኑን በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙ ግን ተጠንቀቂ። ለብዙ ጊዜ የለመዱት ከሆነ በድንገት ማቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መጀመሪያ የሚቆመው አረቄው ነው፤ ዝክሩ ላይ ብርዝ ወይም ለስላሳ ቢይዙ ማንም አይቆጣቸውም። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ የሚጠጡ ቢሆኑ ኖሮ አረቄውንም ያለ ሐኪም ድንገት አቁሙ አልልም ነበር። ወደ ሐኪማቸው ስትሄዱ ሦስቱን ነገር ንገሩት፦ በወር ምን ያህል እንደሚጠጡ፣ ማንኮራፋቱንና በመሃል ዝም ማለታቸውን፣ እንዲሁም ሌላ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ። በተለይ ትራማዶል፣ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፌኖባርቢታል ካለ ቀድማችሁ አንሱት፤ እነሱም እንቅልፍና ትንፋሽ ላይ ይደርባሉ። ከዚያ በኋላ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ወይም ሌላ መድኃኒት መቀየር የሐኪሙ ሥራ ነው። ኪኒኑን ስንት ወር እንደወሰዱ ብትጽፊልኝ ሐኪሙን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እጨምርልሻለሁ።