78፣ 2 ወይስ 57120? የኢንቴግራል መልስ ሲታረም

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ∫₀² x(x² + 1)³ dx ብዬ በ5 ነጥብ ብጠይቅ 78፣ 2፣ 57120፣ 78.125 እና 78 + C የሚሉ መልሶች መጡልኝ። 78 ካሉትም ውስጥ የአንዳንዶቹ አሠራር አላማረኝም። ለየትኛው ምን ያህል ልስጥ? ወሰን በሌለው ኢንቴግራል ላይ C የረሱትንስ?»

መልስ፦

ሰላም መምህር። የሰጡት ጥያቄ የተማሪውን ስሕተት ከመጨረሻው ቁጥር ብቻ የሚያሳብቅ ነው። እኔም ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎችን ሳስጠና ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ እሰጣለሁ፤ የሚመጡት ቁጥሮች ከእርስዎ ጋር አንድ ናቸው።

ማነጻጸሪያ እንዲሆነን ትክክለኛውን አሠራር እናስቀምጥ። u = x² + 1 ካልን du = 2x dx ነው፤ ስለዚህ x dx የሚለው በ½ du ይተካል። x ከ0 ተነሥቶ 2 ሲደርስ u ደግሞ ከ1 ተነሥቶ 5 ይደርሳል።

½ ∫₁⁵ u³ du = (5⁴ − 1⁴)/8 = 624/8 = 78

2 ያለው ተማሪ ተለዋዋጩን ወደ u ቀይሮ ወሰኑን ግን በ0 እና በ2 ትቶታል፤ 2⁴/8 = 2 ማለት ነው። እዚህ ላይ ኤክስ ከማድረግ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ፦ «x = 1 ላይ የፋንክሽኑ ዋጋ ስንት ነው?» 8 ነው። ከዚያ በኋላ እየጨመረ ስለሚሄድ ከ1 እስከ 2 ያለው ስፋት ብቻውን ከ8 ይበልጣል። ታዲያ ጠቅላላው ስፋት እንዴት 2 ይሆናል? ተማሪው ይህንን በራሱ አፍ ከተናገረ ወሰኑን ዳግመኛ አይረሳም።

57120 የዚህ ግልባጭ ነው። ወሰኑን በትክክል ወደ 1 እና 5 ቀይሮ፣ ከዚያ መልሱን ወደ x መለሰና 1ን እና 5ን በx ቦታ አስገባ፤ (26⁴ − 2⁴)/8 ብለው ቢያሰሉ በትክክል 57120 ያገኛሉ። ይህንንም በግምት መያዝ ይቻላል፦ ከ0 እስከ 2 ባለው ክልል የፋንክሽኑ ከፍተኛ ዋጋ 250 ስለሆነ ስፋቱ ከ500 ሊያልፍ አይችልም። ለሁለቱም ከ5 ነጥብ 3 እሰጣለሁ። ኢንቴግሬሽኑን አውቀውታል፤ የሳቱት ወሰኑ የማን እንደሆነ ነው።

ይበልጥ የሚያከራክረው ግን አሠራሩ ያላማረዎት 78 ነው። ምናልባት እንዲህ ብሎ ይሆናል፦

½ ∫₀² u³ du = u⁴/8 |₀² = (x² + 1)⁴/8 |₀² = 78

ከመጀመሪያው እኩል ምልክት በፊት ያለው ብቻውን ሲነበብ ዋጋው 2 ነው። ስለዚህ ይህ ተማሪ በእኩል ምልክት «2 = 78» ብሎ ጽፏል። መልሱ ልክ ነው ብለው ሙሉ ነጥብ የሚሰጡ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን 1 ነጥብ እቀንሳለሁ። ይህ ተማሪ 2 ካለው የሚለየው በመጨረሻ ወደ x መመለሱን በማስታወሱ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ፈተና ከቸኮለ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ወደ x መመለስ የሚወድ ከሆነ ወሰኑን x = 0 እና x = 2 ብሎ በግልጽ ይጻፈው፤ ወይም ወሰን የሌለውን ኢንቴግራል ለብቻው ጨርሶ ቁጥሮቹን በኋላ ያስገባ። ሁለቱም እንከን የላቸውም።

አሁን ወደ 78.125 እንምጣ፤ እኔ የምወደው ስሕተት ይህ ነው። 625/8 ማለት ነው፤ የታችኛውን ወሰን አላሰላም። ተማሪውን ቢጠይቁት «ዜሮ ሲገባ ዜሮ ስለሚሆን ነው» ይልዎታል። በx² ወይም በx³ ላይ ለምዶት ነው እንጂ እዚህ (0 + 1)⁴/8 ዜሮ ሳይሆን 1/8 ነው። የጎደለው ይኸው 1/8 ነው።

ይህ 1/8 የC ጥያቄዎንም ይመልሳል። ያው ኢንቴግራል ወሰን ሳይኖረው ሲሰጥ አንዱ በመተካት (x² + 1)⁴/8 + C ይላል። ሌላው ቅንፉን ዘርዝሮ x⁷ + 3x⁵ + 3x³ + x ካገኘ በኋላ x⁸/8 + x⁶/2 + 3x⁴/4 + x²/2 + C ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ሲዘረዘር ከሁለተኛው የሚለየው በ1/8 ብቻ ነው፤ እርሷንም C ይውጣታል። C ባይጻፍ ኖሮ ሁለቱ መልሶች እኩል አይደሉም፤ ተማሪዎቹም «ማን ተሳሳተ?» ብለው ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። በነገራችን ላይ ዘርዝሮ የሠራ ተማሪ የታችኛውን ወሰን ጨርሶ ቢረሳም 78 ይወጣለታል፤ በእርሱ አጻጻፍ ዜሮ ሲገባ እውነትም ዜሮ ነው። ስለዚህ 78 ካሉት መካከል የዘረዘሩትን «− 0» መጻፋቸውን ይመልከቱላቸው።

በመልስ መስጫው ላይ ካለው የተለየ የሚመስል መልስ ሲገጥምዎት x = 0 እና x = 1ን በሁለቱም ያስገቡ። ከላይ ባሉት ሁለት መልሶች C ሳይቆጠር በ0 ላይ 1/8 እና 0፣ በ1 ላይ 2 እና 15/8 ያገኛሉ፤ ልዩነቱ በሁለቱም ቦታ 1/8 ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ልዩነቱ ቢቀያየር አንዱ በእርግጥ ተሳስቷል። ባይቀያየር ግን ገና ማረጋገጫ አይደለምና የተማሪውን መልስ ዴሪቬቲቭ ወስደው ወደ ጥያቄው መመለሱን ይዩ።

78 + C የእጅ ልማድ ነው። [F(2) + C] − [F(0) + C] ብለው ይጻፉለት፤ C ከC ጋር ሲጠፋፋ በዓይኑ ያያል። 1 ነጥብ መቀነስ ይበቃል።

ወሰን በሌለው ኢንቴግራል C ለረሳም 1 ነጥብ ብቻ እቀንሳለሁ፤ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ጊዜ ቢረሳው አራት ጊዜ አልቀጣውም። መነሻ ዋጋ ሲሰጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። f′(x) = x(x² + 1)³ እና f(0) = 3 ብለው f(2)ን ይጠይቁ። C የረሳው 625/8 ይላል፤ የተሰጠውን 3 ጨርሶ አልተጠቀመበትም። ሌላው ደግሞ «C መነሻው ነው» ብሎ 3ን መጨረሻ ላይ ይደምርና 81.125 ያገኛል፤ የእርሱ ፋንክሽን በ0 ላይ 3 ሳይሆን 3⅛ ነው። ትክክለኛው 1/8 + C = 3 ብሎ C = 23/8 ማግኘት ነው፤ f(2) = 81 ይሆናል። በዚህ ጥያቄ ላይ C መፈለጉ ራሱ የተጠየቀው ነገር ስለሆነ ለመጀመሪያው ከ5 ነጥብ 2፣ ለሁለተኛው 3 እሰጣለሁ። ሁለተኛው ቢያንስ መነሻ ዋጋው የሆነ ቦታ መግባት እንዳለበት ገብቶታል።