ብሪኬቱ ለምን ይጨሳል፣ ለምንስ ይፈረካከሳል?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ባለቤቴ አናጺ ስለሆነ ከሥራው የሚወጣውን ሰጋቱራ ከተነከረ ወረቀት ጋር ቀላቅዬ፣ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ጨምሬበት በእጅ መጭመቂያ ብሪኬት፣ ማለትም የተጨመቀ ከሰል፣ እሠራለሁ። ሲደርቅ ይፈረካከሳል፤ ቡና ላፈላበት ስለኩሰው ደግሞ ቤቱ በጭስ ይሞላል። ዱቄቱን ላብዛው ወይስ መጭመቂያው ነው ደካማ?»

እህቴ፣ መጭመቂያውን አይንኩት፤ ዱቄቱንም አያብዙ። ጭሱ የሚመጣው ሰጋቱራው ስላልከሰለ ነው። እስካሁን የሠሩት የተጨመቀ እንጨት እንጂ ከሰል አይደለም፤ እንጨት ደግሞ እንዴትም ቢጨመቅ ይጨሳል። የሚፈረካከሰው ደግሞ ዱቄቱ ጥሬውን ስለገባ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ውሃው ሲተን ተመልሶ ዱቄት ይሆናል። የሚያጣብቀው ሲበስል ብቻ ነው።

ከማክሰሉ እንጀምር። ሰጋቱራ እንደ ግንድ ተከምሮ አይከስልም፤ አየር ካገኘ ውስጥ ለውስጥ እየጋመ አመድ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ ክዳኑ የሚገጥም ጠባብ ቆርቆሮ ይፈልጉ፤ ክዳኑን በሚስማር ሦስት አራት ቦታ ይብሱት። ቀዳዳ ከሌለው ጋዙ መውጫ አጥቶ ክዳኑን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ጠባብ ይሁን ያልኩት ሰጋቱራ ሙቀት ስለማያሳልፍ ነው፤ በሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ ዳሩ ከስሎ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። የደረቀ ሰጋቱራ ሞልተው ከቤት ውጭ እሳት ላይ ይጣዱት። መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ ቀጥሎ ወፍራም ቢጫማ ጭስ ይመጣል፤ አንዳንዴም ቀዳዳው ላይ ነበልባል ይይዛል። ጭሱ ሳስቶ ሊቆም ሲል ያውጡትና ቀዳዳዎቹን በጭቃ ደፍነው እስከ ማግስቱ ያቆዩት። ትኩሱን ከከፈቱት አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ከመሐል ዘግነው ይዩት፦ ቡናማ ከሆነ ጥሬ ነው፤ ወደ ቆርቆሮው ይመለስ። የከሰለው ድፍን ጥቁር ሆኖ እጅ ያጠቁራል። ከሦስት ወይም ከአራት ኪሎ ሰጋቱራ አንድ ኪሎ ከሰል ቢያገኙ ብዙ ነው፤ ስለዚህ መጠኑ ሲያንስ አይደንግጡ።

አንድ ነገር አደራ፦ ባለቤትዎ ኤም ዲ ኤፍ ወይም ቺፕውድ ከቆረጠ፣ አለዚያም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ካሸ፣ የዚያን ብናኝ ለብቻ ያስጠርጉት። ሙጫና ቀለም ያለበት ነው፤ እሳት ሲነካው የሚወጣው ጭስ ይጎዳል። የዋንዛና የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ይበቃዎታል።

አሁን ወደ ማጣበቂያው። ለ5 ኪሎ የከሰል ብናኝ 400 ግራም ዱቄት ይበቃል። የሚበላ ዱቄት ማባከን አያስፈልግም፤ ወፍጮ ቤት ከወለል የሚጠረገውን የበቆሎ ዱቄት ነፍተው ይጠቀሙ። በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡት፤ ከዚያ 4 ሊትር የሚሆን የፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ይጨምሩትና እንደ ሙቅ ያብስሉት። ነጣ ያለው መልኩ ጠፍቶ ሲያብረቀርቅና ከማማሰያው ላይ ሲንጠለጠል ደርሷል። ወረቀቱ ግማሽ ኪሎ ይሁን፤ ጋዜጣ፣ የደብተር ወረቀት ወይም ካርቶን ይሆናል፤ የሚያብረቀርቀው የመጽሔት ወረቀት ግን አመዱ ይበዛል። ሁለት ሦስት ቀን ነክረው ጭራሽ እስኪሟሽሽ ይውቀጡት። ብናኙን እርስ በርስ የሚያስረው የወረቀቱ ቃጫ ስለሆነ፣ ቁርጥራጭ ሆኖ ከቀረ ብሪኬቱ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው።

ሁሉንም ካዋሐዱ በኋላ እፍኝ ጨብጠው ይጭመቁ። በጣቶችዎ መሐል ጥቂት ጠብታ ወጥቶ እጅዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ከያዘ ልክ ነው። ውሃው ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ከተበተነ ደግሞ ሙቁ አንሶታል። በመጭመቂያው ሲጫኑት ወዲያው አይልቀቁ፤ ውሃው መንጠባጠቡን እስኪያቆም ይያዙት። ቶሎ ከተለቀቀ መልሶ ይነፋል፤ የተነፋ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ማድረቁ በጅማ ክረምት ከባዱ ክፍል ነው። ዱቄት ስላለበት መሬት ላይ ካሰጡት ይሻግታል። የቡና ማድረቂያ አልጋ የመሰለ ትንሽ አልጋ ከሽቦ ወንፊት ሠርተው፣ ነፋስ በሚያገኝ ጣሪያ ስር ያስጡት፤ በየቀኑም ያገላብጡት። ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ዳሩን ቀድሞ አድርቆ ያሰነጥቀዋል። መድረቁን በሚዛን ይወቁ፦ የአንዱ ብሪኬት ክብደት ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልቀነሰ ደርቋል። ከወገብ ከፍታ ሲለቁት ጠርዙ ቢሸራረፍ ግድ የለም፤ ለሁለት ከተከፈለ ግን የሚቀጥለውን ቡኮ ሲሠሩ ወረቀቱን ጨመር ያድርጉ።

ጭስ አልባ ሆነ ማለት ግን በተዘጋ ቤት ይነድዳል ማለት አይደለም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ይገድላል። ውጭ አቀጣጥለው ፍም ሲሆን ያስገቡት፤ ቡናው እስኪጠጣ በርና መስኮቱ ክፍት ይሁን።

ተፈረካክሶ የተጠራቀመውን የድሮውን አይጣሉት። ከእንጨት የወጣ ንጹሕ ሰጋቱራ ከሆነ በደንብ አድርቀው እንደ ሰጋቱራው በዚያው ቆርቆሮ ያክስሉት፤ ከዚያ ወቅጠው ከአዲሱ ብናኝ ጋር ይቀላቅሉት።