ማስተማር፣ የፍሪላንስ ሂሳብ ሥራና ማማከር፦ የቱ ይቅደም?

«ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅጥሬን ትቼ ኮሌጅ ማስተማር፣ የሱቆችን ሂሳብ በፍሪላንስ መሥራትና ማማከር ላቀላቅል አስቤያለሁ። የቱን ላስቀድም?»

ወንድሜ፣ የሱቆቹን ሂሳብ አስቀድም፤ በየወሩ ተመልሶ የሚመጣው እሱ ነው። ግን ዋጋ ስትቆርጥ የሚታየውን ሰዓት ብቻ አትቁጠር።

ለምሳሌ ኮሌጁ በሰዓት 400 ብር ቢከፍልህና በሳምንት 3 ሰዓት ብታስተምር 1,200 ብር ነው። ዝግጅቱና እርማቱ 3 ሰዓት፣ መንገዱ 2 ሰዓት ቢወስድ ግን በሰዓት የቀረህ 150 ብር ነው። አንድ ሱቅ በወር 6,000 ብር ቢከፍልህ፣ ምዝገባው 12 ሰዓት፣ ደረሰኝ እየለመኑ መሰብሰቡ ደግሞ 8 ሰዓት ቢፈጅ በሰዓት 300 ብር ይሆናል። ያንን ልመና ለመቀነስ ደረሰኝ የሚደርስበትን ቀን ውል ውስጥ አስገባ።

ታዲያ ማስተማሩን ተው ማለቴ አይደለም። ያንኑ ኮርስ በሚቀጥለው ሴሚስተር ስትደግመው ዝግጅቱና እርማቱ ወደ 1 ሰዓት ቢወርድ ክፍያህ በሰዓት 200 ብር ይደርሳል። በየሴሚስተሩ አዲስ ኮርስ ከጫኑብህ ግን ሁሌም 150 ላይ ነህ፤ ስለዚህ ስትስማማ ያንኑ ኮርስ ጠይቅ። የማታ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሠራተኞች ስለሆኑ የማማከር ሥራም ከዚያው ሊመጣ ይችላል።

የማማከር ክፍያ ይዘገያል፤ ለቤት ኪራይ አትመካበት። ከፊሉን በቅድሚያ ተቀበል። ደንበኛ ዊዝሆልዲንግ ከቆረጠብህ ደረሰኙን ሳትቀበል አትሂድ፣ ዓመታዊ ግብርህ ላይ የሚታሰብልህ በእሱ ነው።