ከ1 እስከ 100 በቶሎ መደመር፦ ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ሂሳብ አስተምራለሁ። ዛሬ ከሰዓት ክላስ የለኝም፣ ጣና ዳር ቁጭ ብያለሁ፣ ስለዚህች ድምር ያልገባችሁን አምጡ።

ቲቸር እኔ 10100 ነው የሚመጣልኝ

101ን በ100 አባዝተህ ነዋ። ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 10 ጻፍና አንዱን ጣትህን 1 ላይ ሌላውን 10 ላይ አድርግ፣ ከዛ ሁለቱንም አንዳንድ ወደ መሀል አስጠጋ፣ 5 እና 6 ላይ ይገናኛሉ። አምስት ጥንድ ነው እንጂ አስር አይደለም፣ እያንዳንዱ 11፣ በቃ 55። በ100ም እንደዛው ነው፣ 1 ከ100፣ 2 ከ99 እያልክ 50 ከ51 ላይ ያልቃል። በግራ አንድ ስትጨምር በቀኝ አንድ ስለምትቀንስ 101 አይነቃነቅም። 50 ጥንድ በ101፣ 5050። መጀመሪያ ቁጥሮቹን ቁጠሩ፣ ከዛ ለሁለት።

99 ላይ ቢያልቅስ? ለሁለት አይካፈልም እኮ

መሀል ላይ አንዱ ብቻውን ይቀራል። 49 ከ51 ድረስ 49 ጥንድ፣ እያንዳንዱ 100፣ ያ 4900 ነው። ጥንድ ያጣው 50 ሲጨመር 4950።

— ቲቸር ይቅርታ፣ ጎዶሎ ሲሆን ዘዴው አይሰራም፣ ዜሮ መጨመር ነው ያለብን። 0 ከ99፣ 1 ከ98፣ 50 ጥንድ ይሆናል።

ዜሮዋ ቆንጆ ናት፣ 50 በ99 ያው 4950 ነው። አይሰራም ያልከው ግን ልክ አይደለም፣ አሁን ሠርተን አየን።

— እኔም ዜሮዋን ነው የምመርጠው፣ ልጆች መሀሏን ይረሳሉ።

— ከ1 ካልጀመረስ ዜሮ ከየት ታመጣለህ?

እኔ ዓሣ ነው የምሸጥ፣ ለልጄ ዩኒፎርም መጀመሪያ ቀን 1 ብር፣ በነጋታው 2 እያልኩ 100 ቀን ባስቀምጥ፣ 50ኛው ቀን ላይ ግማሹ ይሞላል?

አይሞላም እህቴ፣ ይሄንን ከአሁኑ እወቂው። እስከ 50 ድረስ 25 ጥንድ ነው፣ እያንዳንዱ 51፣ 1275 ብር ብቻ። ቀሪው 3775 በኋለኞቹ 50 ቀናት ነው የሚወጣው፣ ያኔ በቀን ከ51 እስከ 100 ብር ያስፈልግሻል። ዓሣ በሚጠፋበት ሰሞን እንዳይገጥምብሽ፣ ከ100 ጀምረሽ እየቀነስሽ ብትሄጅ ድምሩ ያው 5050 ነው።

ጋውስ ነው አይደል የፈጠረው?

ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ጋውስ በልጅነቱ ሠራው ይባላል። ታሪኩ በወጣበት፣ እ.ኤ.አ. በ1856 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ግን ከ1 እስከ 100 የሚል የለም። ወደ ድምሩ እንመለስ።

1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ቢሄድስ?

አይሆንም። 1 ከ8 ዘጠኝ፣ 2 ከ4 ስድስት። እኩል እየጨመረ ካልሄደ ጥንዶቹ እኩል አይመጡም።

ቲቸር 101 ለምን በ100 አይባዛም?

ከላይ መልሻለሁ፣ አንብቡ እንጂ! ቁጥሮቹን ቁጠሩ፣ ለሁለት።

ከ37 እስከ 86

86 ሲቀነስ 37፣ 49 ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ 37 ራሷም ትቆጠራለች፣ 50 ናቸው። 25 ጥንድ በ123፣ 3075።

— እኔ እስከ 86 ያለውን 3741 አገኘሁና እስከ 37 ያለውን 703 ቀነስኩ፣ 3038 መጣ።

መንገድህ ትክክል ነው፣ የቀነስከው ግን አንድ አልፏል። 37ን ጣልካት። እስከ 36 ያለውን 666 ቀንስና እየው።